ታርጌት ላልመታች የሽያጭ ሠራተኛ የሚጻፍ ዕቅድ

በወሩ መጨረሻ ታርጌቱን ላልመታ የሽያጭ ሠራተኛ የሚደርሰው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከሦስት መስመር አይበልጥም። የወሩ ዕቅድ ይህን ያህል ነበር፤ የተሸጠው ይህን ያህል ነው፤ ስለዚህ አፈጻጸምዎን እንዲያሻሽሉ በጥብቅ እናሳስባለን። ደብዳቤውን የጻፈው ኃላፊ ስንት ብር እንደጎደለ ያውቃል። ብሩ የትኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ በምን ምክንያት እንደቀረ ግን አያውቅም። ደብዳቤውን የተቀበለው ሠራተኛም አያውቅም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ትናንት ያደርግ የነበረውን ያንኑ ሥራ በበለጠ ጭንቀት ይሠራል።

የሥራ አፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ የሚባለው ሰነድ ከዚህ ደብዳቤ የሚለየው በርዝመቱ አይደለም። ጉድለቱ የት እንዳለ ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ የሚጻፍ፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ የሚለካበት፣ አሠሪውም የሚፈርምበት ግዴታ ያለበት ስምምነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሰነዱ ለማሰናበት የሚዘጋጅ ፋይል ይሆናል፤ ሠራተኞችም ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይቀላልና አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ኩባንያውም ሰዎቹም ቁጥሮቹም ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው፤ ሁኔታው ግን በአዲስ አበባ ሸቀጥ ለሱቆች በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ለሠራ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ድርጅቱ የልብስ ሳሙና፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ዱቄት ሳሙናና የመጸዳጃ ወረቀት ያከፋፍላል። ስድስት የሽያጭ ሠራተኞች አሉት፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መስመርና ወደ 180 የሚጠጉ ሱቆች አሏቸው። የወር ታርጌታቸው 900 ሺህ ብር ነው። ከስድስቱ አንዷ፣ ሥራውን ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ወጣት፣ ላለፉት ሦስት ወራት ከ560 ሺህ ብር አካባቢ አልወጣችም።

በቢሮው ውስጥ የሚነገረው ምክንያት ቀላል ነው፦ ልጅቷ ሰነፍ ናት፤ ወይም ደግሞ ዓይን አፋር ናት፣ ለሽያጭ አልተፈጠረችም። ሁለቱም አባባሎች ስለ ሰውየዋ ጠባይ እንጂ ስለ ሥራዋ የሚናገሩት ነገር የለም። ዕቅድ ለመጻፍ የተቀመጠ ኃላፊ ግን መነሳት ያለበት ከደረሰኝ ነው። የአንድ ሠራተኛ የወር ሽያጭ የአራት ነገሮች ብዜት ነው፤ በቀን ስንት ሱቅ ጎበኘች፣ ከጎበኘቻቸው ስንቱ አዘዙ፣ አንዱ ትዕዛዝ በአማካይ ስንት ብር ነው፣ በወሩ ስንት የሥራ ቀን አለ። የስድስት ሳምንት ደረሰኝና የዕለት መዝገብ አንድ ላይ ሲደረደር ይህ ሁሉ ይወጣል።

ከደረሰኞቹ የወጣው እንዲህ ነው። ባልደረቦቿ በቀን በአማካይ 25 ሱቅ ይጎበኛሉ፤ እሷ 24። ስለዚህ ስንፍና የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ባልደረቦቿ ከ25ቱ ከ10ሩ ትዕዛዝ ያገኛሉ፤ እሷ ከ24ቱ ከ9ኙ። የባልደረቦቿ አማካይ ደረሰኝ 3,500 ብር ነው፤ የእሷ 2,600። በወር 24 የሥራ ቀን ቢታሰብ፣ ባልደረቦቿ 840 ሺህ ብር ሲሸጡ እሷ 561,600 ትሸጣለች። የጎደለው 278,400 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 62,400ው በቀን ከሚቀርባት አንድ ትዕዛዝ የመጣ ሲሆን፣ የቀረው 216 ሺህ ሙሉ በሙሉ የመጣው ደረሰኟ ትንሽ በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። 900 ሺህ የሚለውን ታርጌት የተቀሩት አምስቱም በአማካይ አይመቱትም። ሁሉም የማይደርሱበትን ቁጥር ከአንዷ ብቻ በማስጠንቀቂያ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የዕቅዱ መለኪያ መሆን ያለበት ባልደረቦቿ በእውነት የሚሸጡት 840 ሺህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደረሰኟ ለምን ትንሽ ሆነ የሚለው ነው። አሁንም መልሱ ደረሰኙ ላይ አለ። የባልደረቦቿ አንድ ደረሰኝ በአማካይ ወደ ሦስት የሚጠጋ፣ በትክክል 2.8 የዕቃ ዓይነት ይዟል። የእሷ 1.4። የልብስ ሳሙና ትሸጣለች፤ ሌላውን እምብዛም አትሸጥም። የልብስ ሳሙና ባለሱቁ ራሱ ሲያልቅበት የሚጠይቀው ዕቃ ነው፤ ፈሳሽ ሳሙናን ግን ሰው አስረድቶ ማሳመን አለበት።

ታዲያ አትችልም ነው ወይስ አትፈልግም? አሜሪካውያኑ ሮበርት ሜገርና ፒተር ፓይፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት የሥራ አፈጻጸም ችግር መመርመሪያ መጽሐፋቸው፣ ሕይወቷ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ ልታደርገው ትችል ነበር ወይ ብሎ መጠየቅን ይመክራሉ። ብትችል ኖሮ ሥልጠና መፍትሔ አይሆንም፤ እንዳትሠራ የሚያደርጋት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ባትችል ደግሞ ቁጣም ሆነ ማስጠንቀቂያ ችሎታ አይፈጥርላትም።

ሱፐርቫይዘሩ ይህን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት በቂው ነው። ራሱን ባለሱቅ አድርጎ ይቀመጥና ፈሳሽ ሳሙናውን እንድትሸጥለት ይጠይቃታል። ስለ መዓዛውና ስለ ማሸጊያው ታስረዳዋለች። እሱ ደግሞ ማንኛውም ባለሱቅ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ይጠይቃታል፤ «ስንት ያተርፈኛል?» እዚህ ላይ ዝም ትላለች። አሥራ ሁለት ፍሬ የያዘው ካርቶን ለባለሱቁ በ1,080 ብር እንደሚሰጥ ታውቃለች። አንዱ ፍሬ 90 ብር እንደሚወድቅበት፣ በ105 ቢሸጠው ከካርቶኑ 180 ብር እንደሚያተርፍ ግን በአእምሮዋ አስልታ አታውቅም፤ ማንም አሳይቷት አያውቅም። ስትቀጠር የተሰጣት ሥልጠና የሦስት ቀን ነበር፤ ፈሳሽ ሳሙናው ገበያ ላይ የወጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ የ216 ሺህ ብሩ ጉድለት የክህሎት ጉዳይ ነው፤ ክህሎት ደግሞ ይማሩታል።

የ62,400 ብሩ ታሪክ ሌላ ነው። በመስመሯ ካሉት 180 ሱቆች 32ቱ ከእሷ በፊት በነበረው ሠራተኛ ጊዜ የተወሰደ ዱቤ ስላልተወራረደ ፋይናንስ ክፍል ሽያጭ ዘግቶባቸዋል። እሷ ትጎበኛቸዋለች፤ ማዘዝ ግን አይችሉም። በቀን ከምትጎበኛቸው 24 ሱቆች አራቱ ገና ከመግባቷ በፊት የተዘጉ ናቸው ማለት ነው። በዚያ ላይ ማድረሻ መኪናው ወደ እሷ መስመር የሚሄደው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። የባልደረቦቿ ትዕዛዝ በማግስቱ ሲደርስ የእሷ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል፤ ባለሱቁ እስከዚያ ከመርካቶ አስመጥቶ ወይም በበሩ ካለፈ ሌላ አከፋፋይ ገዝቶ ትዕዛዙን ይሰርዛል። ይህን ሠራተኛዋ በምንም ጥረት ልታስተካክለው አትችልም። በማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ በእሷ ስም ከተጻፈ ሐሰት ይሆናል፤ መጻፍ ያለበት በኃላፊው ስም ነው።

ምርመራው እዚህ ሲደርስ ዕቅዱ ራሱን መጻፍ ይጀምራል። የጊዜው ርዝመት 12 ሳምንት ቢሆን ተገቢ ነው። አንድ ባለሱቅ በወር ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያዝዝ፣ በአንድ ወር የታየ ለውጥ የክህሎት ይሁን የአጋጣሚ መለየት ያስቸግራል። ከሦስት ወር በላይ ሲሆን ደግሞ ሠራተኛውም ኃላፊውም ይሰለቻሉ፤ ዕቅዱም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ላይ አንድ ከባድ ውሳኔ አለ። በእነዚህ ሳምንታት የብር ታርጌት ባይሰጣት ይሻላል። ለብዙ ሥራ አስኪያጆች ይህ የማይዋጥ ነው፤ የሚሸጥ ሰው ያለ ታርጌት ምን ሊሠራ? ነገር ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሩት ካንፈርና ፊሊፕ አከርማን እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለው። በአሜሪካ አየር ኃይል ሠልጣኞች ላይ፣ የአውሮፕላን ትራፊክ መቆጣጠርን በሚመስል የኮምፒዩተር ሥራ ባደረጉት ሙከራ፣ ሥራውን ገና በመማር ላይ ላሉ ሰዎች ከባድ የውጤት ግብ መስጠት ትምህርታቸውን ሊጎዳው እንደሚችል አይተዋል። ሐሳባቸው ከሥራው ይልቅ በቁጥሩ ይያዛል። ሥራውን ከለመዱት በኋላ ግን ያው ግብ ይጠቅማቸዋል። ፈሳሽ ሳሙና እንዴት እንደሚሸጥ በመማር ላይ ያለች ሠራተኛ በ25ኛው ቀን ብር ከጎደላት የምታደርገው የታወቀ ነው፤ ትምህርቱን ትታ የለመደችውን የልብስ ሳሙና ለሚያውቋት ሱቆች ትጭናለች።

ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የሚለካው ተግባሯ ነው። በቀን ቢያንስ ለአሥር ሱቆች የአንድ ተጨማሪ ዕቃ ትርፍ በብር አስልታ ታሳያለች፤ በአንድ ደረሰኝ ላይ ያለው የዕቃ ዓይነት ከ1.4 ወደ 2 ከፍ ይላል። በሁለተኛው ወር የዕቃው ዓይነት 2.4፣ አማካይ ደረሰኙም 2,900 ብር ይደርሳል። በሦስተኛው ወር በቀን 10 ትዕዛዝ፣ አማካይ ደረሰኝ 3,200 ብር፤ ይህም በ24 ቀን 768 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ባልደረቦቿ ከሚሸጡት 91 በመቶ ገደማ ነው። በሦስት ወር ሙሉ በሙሉ እንድትደርስባቸው አይጠበቅም፤ ሆኖም ልዩነቱ ከሠራተኛ ሠራተኛ ከሚኖረው የተለመደ ልዩነት ጋር ሊመሳሰል ይገባል።

ብር ብቻውን ግን መጥፎ መለኪያ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ በሸቀጥ ንግድ ውስጥ የነበሩ ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ የዕቃ ዋጋ ሲንቀሳቀስ አንድም ተጨማሪ ካርቶን ሳይሸጥ የብሩ አኃዝ ሊያድግ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ። ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት የጽዳት ዕቃ በደንብ ይሄዳል፤ ከበዓል በኋላ ይቀዘቅዛል። ዕቅዱ ከመስከረም መግቢያ ጋር ከገጠመ ሠራተኛዋ ሳትለወጥ የተለወጠች ትመስላለች፤ ወተትና ቅቤ የሚሸጥ ሠራተኛ ዕቅድ ከዐቢይ ጾም ጋር ከገጠመ ደግሞ ቢሻሻል እንኳ የወደቀ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የእሷን ሳምንት ከራሷ ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ከአምስቱ ባልደረቦቿ ከዚያው ሳምንት ጋር ማነጻጸር። ስትጀምር የባልደረቦቿን 67 በመቶ ትሸጥ ነበር። በዓል ቢመጣ፣ ዋጋ ቢጨምር፣ ክረምቱ ቢከብድ ሁሉንም ይነካል፤ መቶኛው ግን ስለ እሷ ብቻ ይናገራል። ከብሩ ጎን የካርቶኑ ቁጥርም ይጻፋል።

አንድ መለኪያ የሚፈለገውን ሲያሳድግ የማይፈለገውንም አብሮ ሊያሳድግ ይችላል። የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት ሁሉ የከፋው ነው። ሠራተኞቹ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብዙ ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጡ በብርቱ ሲገፉ ኖረው፣ ደንበኞች ያላወቋቸው ሒሳቦች በስማቸው ሲከፈቱ እንደነበር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ይፋ ወጣ፤ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከ5 ሺህ በላይ ሠራተኞችም ተባረሩ። ምሳሌው ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ምክንያቱም በዕቅዱ ላይ ያለው «የዕቃ ዓይነት በደረሰኝ» የሚለው መለኪያ ከዚያ ባንክ መለኪያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የተጨነቀች ሠራተኛ ለሚያውቃት ባለሱቅ «ጋሼ፣ ለእኔ ሲሉ አንድ ካርቶን ያዙልኝ፤ ካልተሸጠ እመልሰዋለሁ» ልትለው ትችላለች። ደረሰኙ ያድጋል፤ ዕቃው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፤ ወይም ዱቤው አይከፈልም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሚያድግ መለኪያ ጎን አንድ ጠባቂ መለኪያ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ሁለት ይበቃሉ። ተመላሽ ዕቃ ከሽያጯ 3 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከ30 ቀን በላይ የቆየ ዱቤም ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ። ጠባቂዎቹ ከተጣሱ የዚያ ሳምንት ቁጥር አይቆጠርም። ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን መንገር የሠራተኛዋን ጭንቀት ይቀንሳል፤ አቋራጭ መንገድ እንደሌለ ካወቀች አቋራጭ ፍለጋ ጉልበቷን አትጨርስም።

ድጋፍ የሚለው ቃል በብዙ ዕቅዶች መጨረሻ ላይ «አስፈላጊው ድጋፍ ይደረጋል» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። በዚህ አጻጻፍ ድጋፉ አልተደረገም ብሎ መከራከር እንኳ አይቻልም። በምሳሌው ዕቅድ ውስጥ ግን ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ተጽፏል። ፋይናንስ ክፍል የ32ቱን ሱቆች የቆየ ዱቤ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ይመረምራል፤ በየጊዜው ሊከፍሉ የሚስማሙትን በጥሬ ገንዘብ እንዲገዙ ይከፍትላቸዋል፤ የማይሆኑትን ከመስመሯ አውጥቶ በሌሎች ይተካል። የመጋዘን ኃላፊው በዚያው ቀን ገደብ የመስመሯ ትዕዛዝ በማግስቱ እንዲደርስ ያደርጋል። ከሁሉ የተሻለው ሻጭ አንድ ሙሉ ቀን አብሯት ይውላል፤ የዚያ ቀን ኮሚሽኑም በአማካይ ታስቦ ይከፈለዋል። ይህ ካልሆነ የጓደኛው ትምህርት ከራሱ ኪስ የሚወጣ ስለሚሆን ቶሎ ቶሎ ብሎ ይጨርሰዋል። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት አብሯት ሱቅ ለሱቅ ይዞራል።

የሱፐርቫይዘሩ ዙረት ከዕቅዱ ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው። ሽያጭ የሚያውቅ ሰው ሌላው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። ሠራተኛዋ ስታመነታ ቃሉን ከአፏ ነጥቆ ራሱ ይሸጣል፤ ባለሱቁም ከዚያ ቀን በኋላ እሷን ትቶ እሱን ይጠይቃል። ዣን ፍራንሷ ማንዞኒና ዣን ሉዊ ባርሱ እ.ኤ.አ. በ1998 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ያወጡት ጽሑፍ ይህንኑ አዙሪት ይገልጸዋል። አለቃው ሠራተኛው ደካማ ነው ብሎ ሲያስብ ቁጥጥሩን ያጠብቃል፤ ሠራተኛው በራሱ መተማመኑን እያጣ ከሥራው ይሸሻል፤ አለቃውም «አላልኳችሁም?» ይላል። በዚህ የተነሳ ዙረቱ ደንብ ያስፈልገዋል። ሱፐርቫይዘሩ ሱቅ ውስጥ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ ስለ ዕቃ አያወራም። አሥር ሱቅ ካዩ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው አንድ ነገር ብቻ ይነጋገራሉ፤ ለምሳሌ ትርፉን ከመናገሯ በፊት ባለሱቁ አሁን ያለውን ዕቃ በስንት እንደሚሸጥ መጠየቅ እንዳለባት። በሚቀጥሉት አሥር ሱቆች የሚታየው ያ አንድ ነገር ነው።

ዕቅዱን የማስተዋወቁ ውይይት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በይሉኝታ ነው። ኃላፊው ሠራተኛዋን ላለማስከፋት ነገሩን ያለዝበዋል፤ «ትንሽ በርቺ፣ ሌላ ችግር የለም» ብሎ ይሸኛታል። እሷም ነገሩ ቀላል ነው ብላ ትሄዳለች፤ ከሦስት ወር በኋላ የስንብት ደብዳቤ ሲደርሳት እንደተከዳች ይሰማታል፤ እውነትም አላት። ነገሩን በግልጽ መናገር ግን ክፋት አይደለም። በምሳሌው ኃላፊ አፍ ይህን ሊመስል ይችላል፤ «እውነቱን ልንገርሽ። በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ እዚህ የተጻፈው ላይ ካልደረስሽ በዚህ ሥራ ላይ ላትቀጥዪ ትችያለሽ። እኔም ግን የፈረምኩበት አለ። ዕቃው በማግስቱ ካልደረሰልሽ አንቺን አልጠይቅም።» እሷም ዝም ብላ አትሰማም፤ «የተዘጉትን ሱቆች ጉዳይ እኮ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ የሰማኝ አልነበረም» ልትል ትችላለች። ይህ ክርክር አይደለም፤ በዕቅዱ ውስጥ መግባት ያለበት መረጃ ነው። ሁለቱም ፈርመው አንድ አንድ ቅጂ ይይዛሉ። የሽያጭ ቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግን ከዚህ አንድም ቃል አይገባም። በየማታው የስድስቱ ሽያጭ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ የሚለጠፍበት ግሩፕ ካለም፣ ለሦስት ወሩ ደረጃ መስጠቱ ቢቀር ይበጃል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሳምንት ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ለግማሽ ሰዓት ይገናኛሉ፤ በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ቁጥር አለ፦ የዕቃ ዓይነት፣ አማካይ ደረሰኝ፣ ትዕዛዝ በቀን፣ ከባልደረቦች ያለው መቶኛ፣ ተመላሽ፣ የቆየ ዱቤ። ከቁጥሮቹ በታች ድርጅቱ ቃል የገባው ነገር መፈጸሙ ወይም አለመፈጸሙ ይጻፋል። ኃላፊው አንድ ሳምንት ስብሰባውን ካስቀረው ዕቅዱ መድከም ጀምሯል፤ ሁለት ሳምንት ካስቀረው ሞቷል።

የምሳሌው ዕቅድ እንዲህ ይሄዳል። በአራተኛው ሳምንት የዕቃው ዓይነት 1.9 ደርሷል። ማድረሻው ግን እስከ ሁለተኛው ሳምንት ይስተካከላል የተባለው እስከ አራተኛው ቆየ። በዕቅዱ ላይ የድርጅቱ ግዴታ በዘገየ ቁጥር የሠራተኛዋም ጊዜ በዚያው ልክ ይራዘማል የሚል አንቀጽ ስለነበረ ዕቅዱ 14 ሳምንት ሆነ። በስምንተኛው ሳምንት አማካይ ደረሰኟ 3 ሺህ ብር ሲደርስ ተመላሹም በአንድ ሳምንት 6 በመቶ ገባ። ደረሰኞቹ ሲታዩ ሦስት ትናንሽ ሱቆች ሙሉ ካርቶን ፈሳሽ ሳሙና ወስደው መልሰዋል። ጠባቂው መለኪያ ባይኖር ይህ ሳምንት ከሁሉ የተሻለው ሳምንት ተብሎ ያልፍ ነበር። ሲጠየቁ ባለሱቆቹ ችግሩ ዋጋው እንዳልሆነ ተናገሩ፤ 12 ፍሬ በዛባቸው። ድርጅቱ ለትናንሽ ሱቆች ስድስት ፍሬ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ተመላሹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ይኸው ፈቃድ ለአምስቱ ባልደረቦቿም ጠቀመ።

በመጨረሻው ወር በቀን 10 ትዕዛዝ፣ አማካይ 3,150 ብር ደረሰኝ፣ በድምሩ 756 ሺህ ብር ሸጠች። ከተጻፈው በ12 ሺህ ብር ያንሳል። ወድቃለች ወይስ አልፋለች? መልሱ በዚያ ቀን መፈለግ የለበትም። በመጀመሪያው ቀን፣ ከታርጌቱ 95 በመቶ ከደረሰችና ሁለቱ ጠባቂዎች ካልተጣሱ ዕቅዱ እንደተሳካ ይቆጠራል ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ 98 በመቶ ደርሳለችና አልፋለች። ካልተጻፈ ግን ውሳኔው በኃላፊው የዚያን ቀን ስሜት ላይ ይወድቃል፤ የሦስት ወር ልፋት ለዚህ መዳረግ የለበትም።

ሁሉም ዕቅድ እንዲህ አያልቅም። ድጋፉ ሁሉ ተሰጥቶ፣ መኪናው ሰዓቱን ጠብቆ፣ ቁጥሩ ካልተነሳ ሥራው ለእሷ አልሆነም ማለት ነው። በድርጅቱ ውስጥ ትዕዛዝ መቀበያ ወይም የመጋዘን መዝገብ የመሰለ ሌላ ቦታ ካለ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። ስንብት ከመጣ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉት፤ ልዩነታቸውም ከላይ ከቀረበው የመቻልና ያለመቻል ጥያቄ ጋር ይያያዛል። ሠራተኛው ችሎታው እያለው በኅብረት ስምምነት ወይም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ከተወሰነው ጥራትና መጠን በታች በተደጋጋሚ ሲሠራ፣ አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅዳል። ችሎታውን ያጣ፣ የተሰጠውን ሥልጠና ያልተቀበለ፣ ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ክህሎት ያላገኘ ሠራተኛ ግን የሚታየው በአንቀጽ 28፣ በማስጠንቀቂያ ነው፤ የችሎታ ማጣቱም በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። እንደዚህች ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በላይ ላገለገለ ሰው የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው። በብር ታርጌት ላይ ብቻ የተመሠረተ ደብዳቤ ከእነዚህ ሁኔታዎች የትኛውንም አያሳይም፤ በየሳምንቱ የተፈረመበት ገጽ ግን ሥልጠናው መሰጠቱንም፣ ምን እንደተገኘበትም ቀን በቀን ያሳያል። ያው ገጽ ድርጅቱ ቃሉን ሳይጠብቅ ቀርቶ ሠራተኛዋን ቢያሰናብት የእሷም ማስረጃ ነው።

ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ቀሪ ሥራ አለ። ሱፐርቫይዘሩ መዞሩን ሲያቆም የዕቃው ዓይነት ቁጥር ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ከ2.6 ወደ 2.4 ቢወርድ የሚያሳስብ አይደለም፤ ወደ 1.8 ከተንሸራተተ ግን የተማረችው ልማድ ሳይሆንባት ቀርቷል። ስለዚህ ለተከታዮቹ ሦስት ወራት ያቺው አንድ ገጽ በየሳምንቱ መሆኗ ቀርቶ በወር አንድ ጊዜ ትሞላለች፤ ሱፐርቫይዘሩም በወር አንድ ጠዋት አብሯት ይዞራል። የ32ቱ ሱቆች ዝርዝርም በዚያው ዕለት ይከፈታል፤ በእሷ መስመርም ሆነ በሌሎቹ፣ ሠራተኛ ሲቀየር የቆየ ዱቤ ሳይወራረድ ለተተኪው እየተላለፈ ከሆነ የሚቀጥለው ዕቅድ የሚጻፍለት ሠራተኛ ከወዲሁ ታውቋል።